ከማሽኑ በፊት መፍጫው

ጥያቄ፦ «እስከ ዛሬ ቤታችን ውስጥ የምንጠጣው ተፈጭቶ የታሸገ ቡና ነው። አሁን እኔና ባለቤቴ የራሳችንን የቡና ዕቃ ለመግዛት ትንሽ ገንዘብ አጠራቅመናል። አነስተኛ የኤስፕሬሶ ማሽን አይተናል፤ ከእሱ የሚተርፈው ገንዘብ ለርካሽ መፍጫ ይበቃል። በዚሁ ብንቀጥል ምን ይመስላችኋል?»

እህቴ፣ ማሽኑን ለጊዜው ተዪውና ገንዘቡን መፍጫው ላይ አውዪው። ይህን የምልሽ እኔም ልክ በዚህ ስሌት ስለጀመርኩ ነው። አብዛኛውን ገንዘቤን ለማሽን ከፈልኩ፤ በቀረችው ደግሞ በምላጭ የሚቆርጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ መፍጫ ገዛሁ። ለስምንት ወራት ያህል የምጠጣው ቡና በአንድ ጉንጭ ኮምጣጣም መራራም ይሆንብኝ ነበር። ውሃውን አበረድኩት፣ አሞቅኩት፣ ቡናውን ጨመርኩ፣ ቀነስኩ፣ ፍሬውን ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የእጅ መፍጫውን ይዞ ቤቴ መጣ። ከዚያው ከረጢት 15 ግራም ፍሬ ፈጭቶ በወረቀት አጥልሎ ሰጠኝ፤ ማሽኑን አልነካውም። ኮምጣጣውና መራራው ጠፍተው የቡናው ጣዕም ብቻ ቀረ።

ከሄደ በኋላ ምክንያቱን ማወቅ ፈለግሁ። እሱ ፈጭቶ የተወልኝን ጥቂት ቡናና የእኔን ቡና ጎን ለጎን ነጭ ወረቀት ላይ በተንኩ። የእሱ እንደ ደረቅ አሸዋ ነበር፤ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይቀራረባሉ። የእኔ ውስጥ ግን በጣት የሚዳሰስ የፍሬ ሩብ የሚያህል ስባሪ ነበር፤ ከአጠገቡ ደግሞ ጣት ላይ የሚጣበቅ እንደ ዱቄት የላመ ነገር። የእኔን በሻይ ማጥለያ ስነፋው ዱቄቱ ወርዶ ማጥለያው ላይ የቀረው ስባሪ ብቻ ሆነ። ለካ በየቀኑ ሁለት የተለያዩ ቡናዎችን በአንድ ሲኒ ስጠጣ ኖሬአለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ ከቡና ጣዕም የሚያወጣው በሚነካው ገጽ በኩል ነው። እያንዳንዱ ጎኑ 1 ሚሊሜትር የሆነ አንድ ቁራጭ ወስደሽ ጎናቸው 0.1 ሚሊሜትር ወደሆኑ ጥቃቅኖች ብትከፋፍዪው 1000 ቁርጥራጭ ይወጣዋል፤ ውሃ የሚነካው ገጽ ደግሞ 10 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የላመው ቅንጣት በሴኮንዶች ውስጥ ያለውን ሰጥቶ ይጨርስና ወደ መራራው ይሻገራል። በዚያው ጊዜ ትልቁ ስባሪ ገና ውስጡ አልራሰም፤ የሚሰጠው መጀመሪያ የሚወጣውን ኮምጣጣ ብቻ ነው። ጊዜውን ብታሳጥሪ ለዱቄቱ ይስማማል፣ ስባሪው ግን ጥሬ ይቀራል፤ ብታስረዝሚ ስባሪው ይደርሳል፣ ዱቄቱ ግን ይመራል። ለሁለቱም የሚሆን ሰዓት ስለሌለ ማሽኑ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ይህን አያስተካክለውም። ማሽን የሚያደርገው ውሃ ማሞቅና መግፋት ነው፤ ቅንጣቱን የሚወስነው መፍጫው ነው።

ምላጭ ያለው መፍጫ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ምላጩ ያገኘውን ሁሉ ደጋግሞ ይመታል፤ የላመው እየላመ ይሄዳል፣ ያመለጠው ስባሪ ሆኖ ይቀራል። ጥርስ ያለው መፍጫ ግን ፍሬውን በሁለት ጥርሶች መካከል ያሳልፈዋል። ከክፍተቱ የሚበልጥ ነገር እስኪያንስ ድረስ አይወርድም፤ ያነሰው ደግሞ ወዲያው ወርዶ ይገላገላል። ዱቄት ጨርሶ አይጠፋም፣ የየትኛውም መፍጫ ቡና ጥቂት ዱቄት አለው፤ ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው።

ያየሽው ማሽን ደግሞ ሌላ የሚያታልል ነገር ሊኖረው ይችላል። ብዙዎቹ ርካሽ ማሽኖች ቡናው የሚገባበት ወንፊት ድርብ ወለል አለው፤ ታችኛው ወለል ላይ ያለችው አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ናት። ግፊቱን የምትፈጥረው ያቺ ቀዳዳ ስለሆነች ቡናው እንዴትም ቢፈጭ አረፋ ይወጣል። አረፋውን አይቶ ኤስፕሬሶ ሆነልኝ ማለት ይመጣል፤ እኔም ብዬ ነበር። በመደበኛው ወንፊት ግን ወደ 9 ባር የሚጠጋውን ግፊት የሚቋቋመው በዋናነት የቡናው ልመት ነው። ከ18 ግራም ቡና 36 ግራም ያህል በ25 እስከ 30 ሴኮንድ ይውረድ ብትዪ፣ ቡናው ትንሽ ሲሻክር በ12 ሴኮንድ ይንዠቀዠቃል፤ ትንሽ ሲልም ጠብ ጠብ ይላል። ለዚህ በጣም ጥቃቅን ማስተካከያ ያለው መፍጫ ያስፈልጋል፤ ካሰባችሁት ማሽን በኋላ የሚተርፈው ገንዘብ እንዲህ ያለውን አይገዛም። ለመጀመሪያ ዕቃ ኤስፕሬሶን አልመክርም የምለው ለዚህ ነው።

በእናንተ ቦታ ብሆን ገንዘቡን እንዲህ እከፍለው ነበር። ያላችሁ 100 ነው እንበል። 65ቱን ጥሩ የእጅ መፍጫ ላይ አውለው ነበር። 15ቱን 0.1 ግራም ለሚለይ ትንሽ ሚዛን። ለፕላስቲክ ሾጣጣ ማጥለያና ለወረቀቱ 10 ይበቃል፤ ፕላስቲኩን ርካሽ ስለሆነ ብቻ አልመረጥኩትም፣ ከሸክላው ያነሰ ሙቀት ስለሚወስድ ውሃው ቶሎ አይበርድም። የቀረው 10 በቅርቡ ለተቆላ ፍሬ ይሁን። ማንቆርቆሪያ አትግዢ፤ ቤት ያለው ይሆናል። አፉ ቀጭን የሆነው ማፍሰሱን ያቀልላል እንጂ ለጀማሪ ግዴታ አይደለም።

የእጅ መፍጫ ያልኩት ምክንያት አለኝ። በተመሳሳይ ዋጋ የኤሌክትሪኩን ብትገዢ ከገንዘብሽ ከፊሉ ለሞተርና ለሽቦ ይሄዳል፤ በእጁ ላይ ገንዘቡ በአብዛኛው ወደ ጥርሱና ወደ ዘንጉ ይገባል። ጥሩ የእጅ መፍጫ 15 ግራም ፍሬ በአንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጫል። እናንተ ሁለት ስለሆናችሁ 30 ግራም ይፈልጋል፤ ብዙዎቹ ትናንሽ መፍጫዎች ግን በአንድ ጊዜ የሚይዙት ከ20 እስከ 25 ግራም ነው። ስትጠይቂ ይህን አስቀድሚ፤ ካለዚያ በየጠዋቱ ሁለት ዙር መፍጨት ነው።

ስትገዢ ከሁሉ በላይ እንድታዪ የምለምንሽ ዘንጉን ነው። መፍጫውን ከታች ክፈቺው፣ ማስተካከያውን ወደ ሻካራው አድርጊና የውስጡን ጥርስ በጣትሽ ወደ ጎን ግፊው። ከተንቀጠቀጠ መልሽው። ዘንጉ ላይና ታች በሁለት ኩሽኔታ የተያዘ ከሆነ አይንቀሳቀስም። የሚወዛወዝ ጥርስ በአንድ ጎን ክፍተቱን ያሰፋል፣ በሌላው ያጠብባል፤ ሻካራ አድርገሽ ስትፈጪ ደግሞ ይብሳል፤ በመጨረሻ የምታገኚው ያንኑ ስባሪና ዱቄት ነው። ጥርሱ ብረት ነው ወይስ ሴራሚክ የሚለው ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው። የተጠቀሙበት ቢገኝ ደግሞ ክፉ አይደለም፤ የጥርሱን ጠርዝ በጥፍርሽ ዳስሺው፣ ከለሰለሰና ጥፍር ካልያዘ ደንዝዟል።

መፍጫው ቤት ሲገባ ሥራው አንድ ሳምንት ያህል ማስተካከል ነው። እኔ የእኔን ያስተካከልኩበትን ልንገርሽ። 15 ግራም ቡና፣ 250 ግራም ውሃ፤ ውሃው ፈልቶ ከወረደ ግማሽ ደቂቃ በኋላ። መጀመሪያ 40 ግራም ያህል ውሃ አፍስሼ ቡናው እስኪያብጥ 30 ሴኮንድ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ የቀረውን በሁለት ዙር። የመጀመሪያው ሲኒ በ1 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ወርዶ አለቀ፤ ቀጭንና ኮምጣጣ ነበር። ሌላውን ሁሉ ሳልነካ የመፍጫውን ማስተካከያ ሦስት ጊዜ ጠቅ እስኪል አዙሬ በሦስት ጠቅታ አላምኩት፤ 2 ደቂቃ ከ50 ሆነ፣ ጣዕሙም ሞላ። አንድ ጊዜ ደግሞ ሦስት ጨመርኩ፤ ከ4 ደቂቃ በላይ ወሰደ፣ ወረቀቱ ላይ ጭቃ ቀረ፣ ቡናው ምላስ የሚያደርቅ መራራ ሆነ። ሁለተኛው ላይ ተመለስኩ። ኮምጣጣ ከሆነ አልሚው፤ መራራ ሆኖ ምላስ ካደረቀ አሻክሪው፤ በአንድ ጊዜ የምትቀይሪው ግን አንድ ነገር ብቻ ይሁን። የጠቅታውን ቁጥር ከሌላ ሰው አትውሰጂ፤ የአንዱ መፍጫ ጠቅታ ከሌላው እኩል አይደለም። ጥርሶቹ የሚነካኩበትን ቦታ ዜሮ ብለሽ ከዚያ ቁጠሪ።

ጥርሱን በውሃ አትጠቢው፣ ደረቅ ብሩሽ ይበቃዋል። ፍሬውን ከመጨመርሽ በፊት መዳፍሽ ላይ ዘርግተሽ እዪው፤ አንዲት ጠጠር ካመለጠችሽ የጥርሱን ጠርዝ ትሰብራለች፤ እንዲያ ያለ ጥርስ አይቻለሁ።

ገንዘቡ ለጥሩ መፍጫ ባይደርስስ? እውነቱን ልንገርሽ፣ ያኔ መካከለኛ የሚመስለውን የሚወዛወዝ መፍጫ አትግዢ። ሚዛኑንና ማጥለያውን ብቻ ግዢና ፍሬውን ቡና የሚሸጡልሽ ሰዎች ዘንድ ለወረቀት ማጥለያ በሚሆን ልመት አስፈጪው፤ የእነሱ ትልቅ መፍጫ ከምላጩ እጅግ ይሻላል። የተፈጨ ቡና ሽታው ቶሎ ስለሚያልቅ ለአራት ለአምስት ቀን የሚበቃውን ብቻ ውሰጂ። ምላጭ ያለው መፍጫ ቀድሞ ቤት ካለ ደግሞ ሁለት ሦስት ሴኮንድ እያስነሳሽ፣ በመካከሉ እያነቃነቅሽ ፍጪ፤ ዱቄቱን በሻይ ማጥለያ ንፊና አውጪው፤ ቀሪውን በፍሬንች ፕሬስ፣ ማለትም ቡናው ተዘፍዝፎ በወንፊት ወደ ታች በሚጫንበት ዕቃ፣ አራት ደቂቃ ዘፍዝፊው። በመዘፍዘፍ ስባሪው የበለጠ ጊዜ ያገኛል፣ ወረቀት የሚደፍን ነገርም የለም። ጥቂት ቡና በዱቄት ይባክናል፤ ሆኖም እኔ በማሽኔ ስምንት ወር ከጠጣሁት በእርግጥ የተሻለ ሲኒ ነው። ለመፍጫው የጎደለውን እስክታሟዪ በዚህ ቆዪ።