ስኳሩ ነው የበላኝ

«ሱቄ ቀን ሙሉ ሰው አይጠፋበትም። ማታ ግን ዕቃ የምተካበት ብር ያጥረኛል። ደብተርም እይዛለሁ። ምን ሆኜ ነው?»

እህቴ፣ እኔም ደብረ ሲና ላይ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ባለቤቴ «ዱቤ ነው የበላሽ» እያለ ሲጨቀጭቀኝ፣ ልረታው ብዬ ደብተሬን ገለጥኩ። የዱቤው ገጽ ተደምሮ አንድ ሺህ እንኳ አልሞላም። ደስ አለኝ። ግን ሌላ ነገር ዓይኔ ገባ። ስኳር በገዛሁበት ቀን ሁሉ «ከሳሙና ብር የተጨመረ» የሚል ጽፌአለሁ። በሳምንት ሁለት ጆንያ የሚያልቀው ዕቃ ራሱን መተካት ያቃተው ለምንድን ነው?

ሽያጬን የምጽፈው በቀን በጅምላ ስለነበር መልሱ ደብተሩ ላይ አልነበረም። ስለዚህ ለአንድ ጆንያ ብቻ አዲስ ገጽ ከፈትኩ። እስኪያልቅ ድረስ እያንዳንዷን ሽያጭ ጻፍኩ።

50 ኪሎውን 6,000 ብር ነው የገዛሁት፣ ኪሎው በ120። ከደብረ ብርሃን በመኪና ሲመጣ ከተሸካሚው ጋር 80 ብር ወጣበት። የምሸጠው በ125 ነው፤ አምስት ብር ይተርፈኛል ብዬ አስብ ነበር። ግን ሰፈሬ በብዛት የሚገዛው ሩብ ኪሎ ነው። የሩቡ ሂሳብ 31 ብር ከ25 ሳንቲም ሲሆን፣ ዝርዝር ስለማይገኝ 30 እቀበላለሁ። አራት ሩብ 120 ብር ማለት ነው። በገዛሁበት ዋጋ እየሸጥኩ ነበር!

ከጆንያው 40 ኪሎ በሩብ ሄደ፣ 4,800 ብር። 9 ኪሎ በኪሎ ተሸጠ፣ 1,125 ብር። አንዱ ኪሎ የት ገባ? «መርቂልኝ» ሲሉኝ ሚዛኑ ደፋ እስኪል በምጨምራት ማንኪያ ነው ያለቀው። የፌስታል ደግሞ 85 ብር። ስደምረው የገባው 5,925፣ የወጣው 6,165 ሆነ። 240 ብር ከኪሴ።

«ስኳር ሊገዛ የመጣ ሌላም ይገዛል» የሚል ክርክር አለ፤ እኔም ራሴን ያጽናናሁት በእሱ ነበር። ለአንድ ሳምንት ስኳር ብቻ ለሚገዛ ነጥብ፣ ሻይ ቅጠል ወይም ሌላ ለሚጨምር መስመር አደረግኩ። ገጹ በነጥብ ተሞላ። አብዛኞቹ 30 ብር ጨብጠው የተላኩ ልጆች ናቸው።

ሩቡን 35 አደረግኩት፤ ኪሎውን አልነካሁትም። ማታ ማታ አስቀድሜ እየመዘንኩ አስራለሁ፣ ስለዚህ «መርቂልኝ» ቀረ። አንዲት እናት «ምነው ልጄ፣ ጨከንሽብን» ብለው ሁለት ሳምንት ጎረቤቴ ጋ ገዙ። አሁን የሚያልቀው በሳምንት አንድ ጆንያ ነው። በሩብ የሚሄደውም ቀንሷል። ግን 400 ብር ገደማ ይተርፈኛል፣ የሳሙናውንም ብር አልነካውም።

አንቺም ቶሎ ቶሎ የሚያልቅብሽን አንድ ዕቃ መርጠሽ ለብቻው ገጽ ክፈቺለት። ሁሉንም ባንዴ አትጀምሪ፣ ይሰለችሻል።