ከ10 ሳንቲ ሜትር የወደቀ ሞተር ቢሙ ላይ ስንት እጥፍ ይሆናል?

«ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር የጀልባ ጥገና መድረክ እየሠራን ነው። ሞተር በካቴና ሲነሳ አምልጦ ቢወድቅስ ብዬ የ200 ኪሎውን ክብደት በ2 አባዛሁት። የሚወድቅበት ቢም አይፒኢ 200 ነው፣ ስፓኑ 4 ሜትር። ቢበዛ ከ10 ሳንቲ ሜትር ነው የሚወድቀው። 2 ይበቃል? ካልበቃ ብረቱን ላወፍረው ወይስ ጫፎቹን ልበይዳቸው?»

ወንድሜ፣ 2 አይበቃም። 2 የሚሠራው ሞተሩ ቢሙን ነክቶ፣ ክብደቱ ግን ገና ካቴናው ላይ እያለ ድንገት ሲለቀቅ ብቻ ነው። የመውደቂያ ከፍታው ዜሮ ሲሆን ማለት ነው። ያንተ 10 ሳንቲ ሜትር አለው። እሱ ደግሞ ነገሩን ሙሉ በሙሉ ይቀይረዋል።

ሒሳቡ የሚመጣው ከኃይል ጥበቃ ነው። የሞተሩን ክብደት W፣ የመውደቂያ ከፍታውን h በላቸው። ሞተሩ እስኪቆም ድረስ የሚወርደው h ብቻ አይደለም። ቢሙ ሲጎብጥ አብሮት ይወርዳል፣ ያንን ጉብጠት δ በለው። ስለዚህ ሞተሩ የሚለቀው ኃይል W(h + δ) ነው። ቢሙ ደግሞ እንደ ስፕሪንግ ይቀበለዋል። መልሶ የሚገፋበት ጉልበት ከዜሮ ጀምሮ ቀስ በቀስ ስለሚያድግ፣ የሚያጠራቅመው ኃይል ½kδ² ነው። k ምን ያህል ነው? ሞተሩን ቀስ ብለህ ብታስቀምጠው ቢሙ በ δst ይጎብጣል፣ ስለዚህ k = W/δst። ሁለቱን ስታስተካክል፦

```
W(h + δ) = ½ (W/δst) δ²
δ² − 2·δst·δ − 2·h·δst = 0
δ = δst · [1 + √(1 + 2h/δst)]
n = 1 + √(1 + 2h/δst)
```

n ኢምፓክት ፋክተሩ ነው። h ዜሮ ሲሆን 2 ይሰጥሃል፣ አንተ የያዝከው ቁጥር የመጣው ከዚያ ነው። ብዙ ሰው W(h + δ) ውስጥ ያለችውን δ ትንሽ ናት ብሎ ይጥላታል። ከፍታው ትልቅ ሲሆን ልዩነቱ ጥቂት ነው። ከፍታው ትንሽ ሲሆን ግን ውጤቱ ይበላሻል፤ h ዜሮ ላይ ኢምፓክቱም ዜሮ ነው ይልሃል።

አሁን ወደ ቢምህ። 200 ኪሎውን 2 ኪሎ ኒውተን ብለን እንያዝ። አይፒኢ 200 I = 1943 cm⁴ አለው፣ የብረት E ደግሞ 210 ጊጋ ፓስካል። ጫፎቹ ዝም ብለው የተቀመጡ፣ ሞተሩም መሐል ላይ የሚያርፍ ከሆነ፦

```
δst = W·L³/(48·E·I) = 0.65 mm
2h/δst = 200/0.65 ≈ 306
n = 1 + √307 ≈ 18.5
```

አዎ፣ 18 እጥፍ ተኩል። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲቀመጥ ስትረሱ 10.3 ሜጋ ፓስካል ብቻ ነው። ሲወድቅ ወደ 190 ይወጣል። ብረቱ ኤስ 235 ከሆነ፣ ማለትም እስከ 235 ሜጋ ፓስካል ድረስ ጎብጦ ሳይቀር የሚችል ከሆነ፣ ለጥቂት ይተርፋል፣ ግን የደህንነት መጠባበቂያ የለህም ማለት ይቻላል። ካቴናው ከ30 ሳንቲ ሜትር ቢለቀው ሒሳቡ 322 ይልሃል። ከ235 በላይ ስለሆነ ቁጥሩን እንደ እውነተኛ ስትረስ አትውሰደው፤ ቀመሩ የሚሠራው ቢሙ ወደ ቦታው እስከተመለሰ ድረስ ነው። የሚነግርህ ቢሙ ጎብጦ እንደሚቀር ነው።

እንዲህ የሆነ ቢም ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማየው የታችኛውን ፍላንጅ መሐል ነው። ቀለሙ ቀጫጭን መስመር እየሠራ ተሰነጣጥቆ ወይም ተላጦ ታገኘዋለህ። ከዚያ ከአንዱ ድጋፍ እስከ ሌላው በታችኛው ፍላንጅ ሥር ሲባጎ ወጥር። ጭነት ሳይኖርበት መሐሉ ሲባጎውን ወደ ታች ከገፋው ብረቱ ተርፏል አትበል።

አንድ ነገር ለእውነታው እናስተካክል። ቢሙ ራሱ ክብደት አለው፣ 4 ሜትሩ ወደ 90 ኪሎ ይመዝናል። ሞተሩ ሲመታው የተወሰነው ኃይል ግጭቱ ላይ ይባክናል። ጫፉ ላይ ተቀምጦ መሐሉ ለሚመታ ቢም 17/35 የሚሆነው ክብደቱ መሐል ላይ እንዳለ ይቆጠራል፣ ያም 43 ኪሎ ገደማ ነው። 2h/δst የሚለውን በ 1 + 43/200 ስታካፍለው n ወደ 17 ይወርዳል። ስለዚህ ቀላሉ ቀመር ወደ ደህንነቱ ያደላል። እኔ ለእንዲህ ያለ መድረክ ቀላሉን ነው የምጠቀመው።

ብረቱን ላወፍር ላልከው፣ ውድ መንገድ ነው። አይፒኢ 300 አድርገው እንበል። ቀስ ብሎ ሲቀመጥ ስትረሱ ከ10.3 ወደ 3.6 ይወርዳል፣ ደስ ይላል። ግን ቢሙ ስለጠነከረ δst ወደ 0.15 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል፣ n ደግሞ ወደ 37 ይዘላል። የመጨረሻው ስትረስ 134 ሜጋ ፓስካል ነው። የብረቱን ኪሎ ወደ እጥፍ ተጠግተህ ያገኘኸው 30 በመቶ ቅናሽ ነው። ጭነቱ የቆመ ቢሆን ከግማሽ በላይ ታተርፍ ነበር።

የሚያዋጣው በተቃራኒው ነው፦ ሞተሩ የሚያርፍበትን ቦታ አለስልሰው። ጣና ላይ በጀልባዎቹ ጎን አሮጌ ጎማ የሚያንጠለጥሉት ለዚሁ ነው። ቢሙ ላይ የምታስቀምጠው ጎማ በ200 ኪሎ 5 ሚሊ ሜትር ይጨመቃል እንበል። ይህ ከቢሙ ጉብጠት ጋር ይደመራል፣ δst 5.65 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ያኔ n ከ18.5 ወደ 7 ይወርዳል። ቢሙ ያው አይፒኢ 200 ሆኖ ስትረሱ 72 ሜጋ ፓስካል ብቻ ነው። ከአይፒኢ 300ው በግማሽ ገደማ ያነሰ!

ግን አንድ ወጥመድ አለው። n 7 ከሆነ ጎማው የሚጨመቀው 5 ሳይሆን 35 ሚሊ ሜትር ነው። ከጎማ ጎን የተቆረጠ ስስ ቁራጭ ይህን ያህል ሊጨመቅ አይችልም። ገና መሐል ላይ ድርቅ ይልና ሞተሩ ብረት እንደመታ ይሆናል። ስለዚህ ሙሉ ጎማ አስተኝተህ ሞክር። ሞተሩን ቀስ አድርገህ በካቴና አስቀምጥበት፣ ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረደ በማስመሪያ ለካ፣ ያንን ቀመሩ ውስጥ አስገባ። ከዚያ በ n ስታባዛው የሚመጣውን ያህል ለመጨመቅ ውፍረት መኖሩን አረጋግጥ። ጎማ ሲጨመቅ እየጠነከረ ስለሚሄድ ትንሽ ትርፍ ተውለት።

ጫፎቹን መበየድ? በዚህ ጉዳይ ብዙም አይረዳህም። ሁለቱም ጫፍ ድርቅ ብሎ ከተያዘ δst ወደ ሩብ ይወርዳል፣ 0.16 ሚሊ ሜትር። መሐል ያለው ሞመንትም በግማሽ ይቀንሳል፣ ቀስ ብሎ ሲቀመጥ ስትረሱ 5.15 ይሆናል። ግን n ወደ 36 ስለሚወጣ መጨረሻው 185 ሜጋ ፓስካል ነው። ከ190 ወደ 185! በዚያ ላይ ብየዳው ራሱ አሁን መሐሉ የሚሸከመውን ያህል ሞመንት በዚያች ቅጽበት ይሸከማል። ቀድሞ ምንም ያልነበረበት ጫፍ ላይ ማለት ነው። ጫፎቹን ከቦታቸው እንዳይንሸራተቱ በቦልት ያዛቸው፣ ብየዳውን ተወው።