በሰሜን ሸዋ ቦታ «ጅማ» ብትዪበትስ?

«ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን የግብርና ኢኮኖሚክስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴን ርዕስ አማካሪዬ ሁለት ጊዜ መለሰብኝ። ርዕሱ ‹በሰሜን ሸዋ ዞን የበግ ግብይት ችግሮችና መልካም አጋጣሚዎች ግምገማ› ይላል። ‹ሰፊ ነው፣ አይስብም› ከማለት በቀር ምንም አልነገረኝም። አባቴ መሐል ሜዳ አካባቢ በግ አርቢ ነው። ‹ርዕስ እንጀራ አይሆንም፣ ዝም ብለሽ ጨርሺና የባንክ ፈተና ተፈተኚ› ይለኛል። ለመስክ ሥራ የሚሆን ገንዘብም የለኝም። የዶርም ጓደኛዬ ደግሞ አይቲ ነው የምትማረው፤ የእሷ ርዕስ ‹የተማሪዎች መረጃ አያያዝ ሥርዓት› ነው። እሱስ እንዴት ነው?»

እህቴ፣ ይህን ርዕስ አውቀዋለሁ። የኔም ርዕስ እንዲሁ ነበር፤ በግ በሚለው ቦታ ወተት ብቻ ተኪበት። ተመርቄ ለመጀመሪያ ሥራ ቃለ መጠይቅ ስገባ ጠያቂው ሲቪዬን አየና «እሺ፣ ምን አገኘህ?» አለኝ። «ችግሮች መኖራቸውን አገኘሁ» አልኩት። ሰውየው ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ሥራውን ግን አላገኘሁትም።

በኋላ ወረዳ እንስሳት ጽሕፈት ቤት ስሠራ የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ገባሁና ወንበሩ ተገለበጠ። አዲስ ተመራቂ የሥራ ልምድ የለውም፤ ሲቪው ላይ ከስሙና ከውጤቱ ቀጥሎ ዓይን የሚያርፈው የጥናቱ ርዕስ ላይ ነው። «ችግሮችና መልካም አጋጣሚዎች» የሚሉ ሲቪዎች ክምር ፊቴ ላይ ሲቀመጥ ማን ምን እንደሠራ መለየት አቃተኝ። ስለዚህ ጉዳዩ ያንገበግበኛል፤ ትንሽ ብረዝም ታገሺኝ።

በመጀመሪያ አማካሪሽ ልክ ነው። ለምን እንደሆነ በቀላሉ ማየት ትችያለሽ። ከርዕስሽ ላይ «ሰሜን ሸዋ»ን አውጪና «ጅማ» በይበት። ከዚያ «በግ»ን አውጪና «ማር» አድርጊው። ርዕሱ አሁንም ይሠራል፣ አይደል? የትም ለማንም የሚሆን ርዕስ ያንቺ አይደለም። ሌላም ምልክት አለ። «ችግሮች»፣ «ግምገማ»፣ «ሁኔታ»፣ «ነገሮች» የሚሉት ቃላት ሥራ የሚሠሩ ይመስላሉ እንጂ ምን እንደምትቆጥሪ አይናገሩም። ርዕስሽን አንብቤ «ደብተሯ ላይ ምን ምን ዓምድ ታሰምራለች?» ብዬ ብጠይቅ መልስ የለውም።

ለነገሩ ርዕስን ከርዕስ ጀምሮ ማስተካከል አይቻልም። እስክሪብቶውን አስቀምጪና «እኔ ማወቅ የምፈልገው…» ብለሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሪ፤ በአማርኛ፣ ለእናትሽ እንደምታወሪ። የመጨረሻውን ርዕስ በእንግሊዝኛ ትጽፊዋለሽ፤ ጥያቄው ግን በምታስቢበት ቋንቋ ይውጣ። አንቺ የአርቢ ልጅ ነሽ፣ ገበያ ላይ ቆመሽ አይተሻል። በግ እንዴት ነው የሚሸጠው? ሚዛን የለም። ገዢው ወገቡን ይዳብሳል፣ ላቱን ይጨብጣል፣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፣ ከዚያ ዋጋ ይጠራል። ጥቁር ሲሆን «ይረክሳል» ይባላል። በሁዳዴ ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ፋሲካ ሲደርስ ይጋጋላል። እነዚህን ሁሉም ሰው «ያውቃቸዋል»፤ ልክ መሆናቸውን ግን ማን ለካ? ጥያቄሽ እዚያ ነው ያለው፦ እኔ ማወቅ የምፈልገው መሐል ሜዳ ገበያ ላይ አንድ በግ ከሌላው የሚወደደው በምኑ እንደሆነ ነው።

አሁን ወደ ርዕስ እንመለስ። የመጀመሪያው ሙከራሽ እንዲህ ሊወጣ ይችላል፦

«በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ በበግ ዋጋ ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድሩ ነገሮች»

ተሻሽሏል። ዞኑ ወረዳ ሆነ፣ «ግብይት» የሚለው ሰፊ ቃል ወደ «ዋጋ» ጠበበ። ግን «ነገሮች» አሁንም ባዶ ጆንያ ነው። ደግሞ ወረዳውን ሁሉ ልትዞሪ ነው ወይስ አንድ ገበያ ነው የምትቆሚው? አንድ ገበያ ከሆነ ገበያውን ጥሪው። በዚህ ጊዜ ብዙ ተማሪ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄዳል፦

«በሰሜን ሸዋ ዞን በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ በመሐል ሜዳ ከተማ ገበያ ላይ በአርሶ አደሮችና በነጋዴዎች መካከል በሚደረግ የበግ ሽያጭ የክብደት፣ የቀለም፣ የዕድሜ፣ የፆታ፣ የላት መጠንና የበዓላት ተጽዕኖ ጥናት»

ትንፋሽ አይበቃውም። «ልዩ አድርጊው» ማለት ሁሉንም ጨምሪ ማለት አይደለም። መሐል ሜዳ ካልሽ ዞኑና ወረዳው ውስጥ ገጽ ላይ ይገለጻሉ። «ጥናት» ማለትም አያስፈልግም፤ ጥናት መሆኑን ሽፋኑ ይናገራል። በዓሉን ለጊዜው ተዪውና ከቀሩት አምስት መለኪያዎች ደግሞ በትክክል ልትለኪያቸው የምትችያቸውን ሦስት ብቻ አስቀሪ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ርዕስ ቃል ኪዳን ነው። «ክብደት» ብለሽ ከጻፍሽ መመዘን አለብሽ። ገበያ መሃል የሰው በግ ሚዛን ላይ ለማንጠልጠል ማን ይፈቅድልሻል? ሻጩ ይቸኩላል፣ በጉ ይወራጫል። ማድረግ የምትችዪው የልብስ ሰፊ ሜትር ይዘሽ ከፊት እግሮቹ ኋላ የደረቱን ዙሪያ መለካት ነው። የደረት ዙሪያ ከክብደት ጋር አብሮ ስለሚሄድ አርቢዎችም ተመራማሪዎችም ይጠቀሙበታል። ክብደት ግን አይደለም፤ ግምት ነው። ስለዚህ ርዕሱ ላይ «የአካል መጠን» በይ። ወደ ኪሎ መቀየር ካማረሽ ለመንዝ በግ የተሠራ ቀመር ፈልጊ፤ ለሌላ ዝርያ የወጣውን አትውሰጂ። እዚያው ደብረ ብርሃን ያለውን የግብርና ምርምር ማዕከል ሄደሽ ጠይቂ፤ በመንዝ በግ ላይ ለዓመታት ሠርተዋል።

«ተጽዕኖ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። ጥቁር በግ ረክሶ ብታገኚ ያረከሰው ቀለሙ ነው ወይስ ጥቁሮቹ ትንንሾች ስለነበሩ ነው? ሦስቱን አንድ ላይ አስገብተሽ በሪግሬሽን ብትሠሪ እንኳ የምታሳዪው ዝምድና ነው። «ዝምድና» በይ፤ ጥናትሽን በምትከላከዪበት ቀን የሚያስለቅስሽ ጥያቄ አንድ ይቀንሳል። «በዓል» ስትዪም አስቢ። ከአንድ ፋሲካ ተነስተሽ ስለ በዓላት መናገር አትችዪም። በሁዳዴ መካከል ሁለት የገበያ ቀን፣ ከፋሲካ በፊት ባሉት ቀናት ደግሞ ሁለት የገበያ ቀን ብትቆሚ ግን ስለ ሁዳዴና ስለዚያ ፋሲካ ዋዜማ በእርግጠኝነት ማውራት ትችያለሽ። በየቀኑ 30 በግ ብትይዢ 120 ይሆናል። ላንድ ተማሪ ይበቃል። እንግዲህ፦

«በግ በዓይን ሲሸጥ፦ የአካል መጠን፣ የፀጉር ቀለምና ዕድሜ በሁዳዴና በፋሲካ ዋዜማ በመሐል ሜዳ ገበያ ከዋጋ ጋር ያላቸው ዝምድና»

አሁን ጅማ በይበት እስቲ። አይሆንም። የደብተርሽ ዓምዶችም ከርዕሱ ይነበባሉ፦ የደረት ዙሪያ፣ ቀለም፣ በጥርስ የታየ ዕድሜ፣ ቀን፣ የተሸጠበት ዋጋ። ዋጋ ስል የተጠራውን አይደለም፣ እጅ በእጅ የተከፈለውን ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ሌላ ጥናት ይወጣዋል። ከሁለት ነጥቡ በፊት ያለው «በግ በዓይን ሲሸጥ» ለመሳብ ነው፣ እውነትም ነው። «የመንዝ በግ፦ ያልተነካው ሀብት» ብትዪ ግን ይህ ማስታወቂያ ነው፤ ምንም የሚለካ ነገር የለውም። የትምህርት ክፍልሽ ቀልብ የሚስበውን የፊት ሐረግ ካልፈቀደ ቁረጪው፤ የቀረው ብቻውን ይቆማል።

ሌላ አደጋ ልንገርሽ። ብዙ ተማሪ ርዕሱን ያሳምርና መጠይቁን ሳይነካ የድሮውን ይዞ ይወጣል። «ዋና ዋና ችግሮችዎ ምንድን ናቸው?» ብለሽ 60 ገበሬ ጠይቀሽ ከተመለስሽ አዲሱ ርዕስ ውሸት ነው። ርዕሱ ሲቀየር ሜትሩም ደብተሩም ይቀየራል። መስክ ላይ ቆይተሽ ጥያቄው ከተለወጠ ደግሞ ርዕሱን ተመልሰሽ አስተካክዪ፤ አማካሪሽ የሚጠላው ለውጥን ሳይሆን ሳይነገረው መለወጥን ነው።

ስለ ጓደኛሽ ባጭሩ። «የተማሪዎች መረጃ አያያዝ ሥርዓት» በየዓመቱ የሚሠራ ነው፤ ማን እንደሚጠቀምበትና ምን እንደሚያቀልለት አይናገርም። አንድ እውነተኛ ተቸጋሪ ትፈልግ። ለምሳሌ «ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሠራ የመድኃኒት ቀሪና የጊዜ ማብቂያ መመዝገቢያ ለአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ» ቢሆን ተጠቃሚውም፣ ችግሩም፣ መፈተኛውም ይታያል። ኔትወርኩን ዘግታ ካልሠራላት ግን ያንን ሐረግ ታውጣው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ወጪ የሚበዛው ዞኑን ልትዞሪ ስላሰብሽ ነበር። መሐል ሜዳ ቤትሽ ነው፤ የምትቆሚው አንድ ገበያ ነው፤ የምትገዢው ሜትር፣ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። የሚቀርሽ የታርማበር መንገድ ትራንስፖርት ነው። ጊዜውን ከአማካሪሽ ጋር አስቀድመሽ አስተካክዪና በሁዳዴ አንድ ጊዜ፣ በፋሲካ አንድ ጊዜ ሂጂ፤ ያኔም ቢሆን ወደ ቤት መሄድሽ አይቀርም።

አባትሽ ግን ተሳስተዋል። ለአንድ የባንክ ቦታ ስንት ሰው እንደሚሰለፍ አይተሻል፤ እዚያ ሰልፍ ውስጥ አንቺን ከሌላው የሚለይሽ ነገር የለም። ተፈተኚ፣ አልከለክልሽም። ነገር ግን የበግ ማድለብ ማኅበር፣ የእንስሳት ጽሕፈት ቤት ወይም የገበያ ፕሮጀክት ቢሮ ገብተሽ «120 በግ ለክቼ ዋጋውን መዝግቤያለሁ» የምትዪ ልጅ ከሆንሽ ሰውየው ወንበሩን ያስጠጋል። የወረዳ ሰው ስለሆንኩ ወደዚያ አደላለሁ ብትዪኝ አልክድም። የባንክ ብድር ክፍል እንኳ ለአርቢ የሚያበድር ከሆነ በግ የምታውቅ ሰው ይፈልጋል፤ ለአባትሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው።

ደግሞ ቤት ስትደርሺ በግ ሲገዙ መጀመሪያ እጃቸውን የት እንደሚያሳርፉ ጠይቂያቸው። ወገቡ ላይ ነው ወይስ ላቱ ላይ? ላቱ ካሉሽ ቀለሙን አውጥተሽ የላት ስፋት አስገቢ። ሜትሩ ያው ነው።