ቺፑ ቢተኛም ቦርዱ አይተኛም

ጥያቄ፦ «ፒያሳ ሕንፃችን ጣሪያ ላይ ያለውን የሮቶ ውኃ መጠን በየ15 ደቂቃው በዋይፋይ የሚልክ ኢኤስፒ32 ገጥሜያለሁ። ዲፕ ስሊፕ እየተጠቀምኩም 2500 ሚሊአምፒር-ሰዓት ያለው ባትሪ ሦስት ሳምንት አይሞላውም። ለምን ይሆን?»

መልስ፦ ጥፋቱ የኮድዎ አይመስለኝም። ቺፑ በዲፕ ስሊፕ ላይ ሳለ የሚወስደው 10 ማይክሮአምፒር ገደማ ሲሆን፣ በብዙ ርካሽ ቦርዶች ላይ የሚገኘው AMS1117 ሬጉሌተር ግን ያለ ሥራ 5 ሚሊአምፒር ያህል ይበላል፤ 2500 ለ5 ሲካፈል 500 ሰዓት፣ ማለትም 21 ቀን ያህል ነው፤ የመላኪያው ፍጆታ ደግሞ ከዚህ ላይ ይቀንሳል።

ለማረጋገጥ መልቲሜትሩን ከባትሪው ጋር በተከታታይ አገናኝተው ቦርዱ ከተኛ በኋላ ያንብቡ። በሚሊአምፒር መለኪያው ይጀምሩ፤ በማይክሮአምፒሩ ከሆነ ቦርዱ ሲነቃ ቮልቴጁ ወርዶ ደጋግሞ ሪሴት ሊያደርግ ይችላል።

ሬጉሌተሩን ያለ ሥራ ጥቂት ማይክሮአምፒር ብቻ በሚወስድ፣ ዋይፋዩ ሲከፈት ግን 500 ሚሊአምፒር መስጠት በሚችል ይተኩት፤ ሁልጊዜ የሚበራውን ኤልኢዲም ይንቀሉት። ከዚያ ቦርዱ በየ15 ደቂቃው ለ5 ሰከንድ በ100 ሚሊአምፒር ቢነቃ፣ አማካይ ፍጆታው ወደ 0.6 ሚሊአምፒር ስለሚወርድ ባትሪው በስሌት ስድስት ወር ገደማ ይቆያል፤ በተግባር ትንሽ ያንሳል።

ከዚህም በላይ ማስረዘም ከፈለጉ፣ የውኃው ከፍታ ካልተለወጠ ዋይፋዩን ሳይከፍቱ መልሰው ያስተኙት። ተራ ተለዋዋጮች በእንቅልፉ ስለሚጠፉ የቀድሞውን ንባብ እንዲህ ያስቀምጡት፦

```
RTC_DATA_ATTR int lastLevel = -1;
```