«ምን አለ?» ላለ ሰው ምን ይመለሳል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ለአንድ የእንግሊዝኛ ፊልም ከሥር የሚነበበውን የአማርኛ ጽሑፍ እየሠራሁ ነው። አንዱ ልጅ «ዋትስ አፕ?» ሲል ሌላው «ናት ማች» ይለዋል። እኔ «ምን አለ?» «ብዙ የለም» ብዬ ጻፍኩት። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ስህተቴ የቱ ጋ ነው?

መልስ፦ ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። «ብዙ የለም» ሲባል አንባቢው «ምኑ?» ብሎ ይጠይቃል። እንግሊዝኛው ግን ስለምንም ነገር አላወራም፤ ሰላም ብቻ ነው ያለው።

«ሃው አር ዩ?» በቃሉ የሰውየውን ሁኔታ ስለሚያነሳ «ፋይን» ይባላል። «ዋትስ አፕ?» በቃሉ «ምን እየተካሄደ ነው?» ስለሆነ «ናት ማች» ይባላል። አንዳንዴ መልሱ ራሱ «ዋትስ አፕ» ነው። ይሄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጠዋት ደሴ ፒያሳ ላይ ሁለት እናቶች ሲገናኙ እኩል «እንዴት አደርሽ?» «እንዴት አደርሽ?» ይባባላሉ። «ልጆቹ ደህና?» «ይመስገን።» ጉልበቷን ሲያማት የሰነበተችውም በመጀመሪያ የምትለው «ይመስገን» ነው። ሕመሙ የሚነሳው ሦስተኛው ዙር ላይ፣ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ነው።

ስለዚህ የእርስዎን ልጆች እንዲህ ባደርጋቸው እመርጣለሁ፦ «እንዴት ነው፣ ሰላም ነው?» «አለን። አንተስ?» «ናት ማች» የሚለው ቃል ጠፋ፤ ሥራው ግን አልጠፋም። ባዶ «ምንም» ብለው እንዳይተዉት። በአማርኛ ኩርፊያ ይመስላል።

«ፋይን፣ ታንክስ» ሲመጣም ይጠንቀቁ። እንግሊዝኛው የሚያመሰግነው ጠያቂውን ነው። እኛ የምናመሰግነው ፈጣሪን ነው። «ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» ስህተት ባይሆንም የመማሪያ መጽሐፍ ይሸታል። «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ካሉ ደግሞ፣ በተለይ ወሎ ውስጥ፣ ለገጸ ባሕሪው ሃይማኖት ሰጡት። ፊልሙ ካልሰጠው እርስዎም አይስጡት። «ደህና፣ አንተስ?» ይበቃል።

አንድ ጉዳይ ግን አለ። ያው «ዋትስ አፕ?» እውነተኛ ጥያቄ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ልጁ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ጓደኛው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ቢለው «ምነው? ምን ሆነሃል?» ነው የሚሆነው። ለመለየት ቀጣዩን መስመር ያንብቡ። መልሱ ወሬ ከያዘ፣ «ከሥራ አባረሩኝ» ዓይነት ከሆነ፣ ጥያቄ ነበር። ሁለቱም ሳይቆሙ ከተላለፉ ሰላምታ ነው። ጽሑፉን ብቻ ይዘው አይተርጉሙ፤ ምስሉን እያዩ ይሥሩ።