አለቃሽ «ሰበር በይበት» ሲልሽ

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ አንድ ዓመት ሥራ ፈልጌ አሁን እዚሁ ከተማ አንድ የዩቲዩብ ቻናል ላይ ተቀጥሬያለሁ። ቪዲዮ አቀናብራለሁ፣ ርዕስ እጽፋለሁ፣ ቪዲዮው ሳይከፈት የሚታየውን ምስል ማለትም ተምኔሉን እሠራለሁ፣ እጭናለሁ። አለቃዬ ሁሉም ላይ ‹ሰበር› በይበት፣ የዘፋኞችን ስም ለፍለጋ በሚሞሉት ቃላት ማለትም ታግ ውስጥ ክተቺ ይለኛል። ሰሞኑን መንዝ ጓሳ ሄደን የቀረጽነውን የጭላዳ ቪዲዮ ‹ሰበር፦ ጭላዳ እረኛ ገደለ› ብዬ እንድጭነው አዞኛል። እንዲህ ያለ ነገር አልቀረጽንም። እምቢ ብል ከሥራ እባረራለሁ። እሺ ብል ቻናሉ ይዘጋል ይሉኛል። እውነት ይዘጋል? ምን ልበለው?»

ያን ርዕስ አትጫኚው። የቀረውን ቀስ ብለን እንየው፤ አለቃሽ የሚልሽ ሁሉ እኩል ጥፋት አይደለም።

ዩቲዩብ ስፓምንና ማታለልን የሚከለክል ደንብ አለው። በርዕስ፣ በተምኔል ወይም በመግለጫ ተመልካቹን አሳስቶ፣ ቪዲዮው ያልሆነውን ነው ብሎ እንዲያምን ማድረግ በዚህ ደንብ ክልክል ነው። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ሰውዬው ርዕሱን አይቶ ሊያየው የገባው ነገር ቪዲዮው ውስጥ አለ ወይስ የለም? ማጋነን ሌላ፣ የሌለን ነገር አለ ማለት ሌላ። «ጉድ ነው! የጓሳ ጭላዳ የሚሠራውን እዩ» ብትዪ ርካሽ ርዕስ ነው። እኔ በበኩሌ አልወደውም። ግን ጭላዳው አንድ ነገር ሲሠራ እስከታየ ድረስ በዚህ ደንብ አያስጠይቅም። «እረኛ ገደለ» ግን ሌላ ነው። የሞተ እረኛ የለም።

«ሰበር» የሚለው ቃል ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ዩቲዩብ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ቪዲዮው ውስጥ የሌለ ነገር ቃል በሚገቡ ርዕሶችና ተምኔሎች ላይ ቁጥጥሩን እንደሚያጠብቅ አስታውቆ ነበር። የጀመረው ከህንድ ነው። በተለይ ያነሳው ሰበር ዜናንና ወቅታዊ ጉዳይን ነው፤ ሰው ትኩስ መረጃ ፈልጎ ገብቶ ባዶ ሲያገኝ ጉዳቱ ይብሳል በሚል። የእኛን አገር «አሳዛኝ ዜና» ታውቂዋለሽ። የዘፋኙ ፎቶ፣ ከጎኑ ሻማ፤ ዘፋኙ ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ ቡናውን ይጠጣል። ከቪዲዮው ጋር የማይገናኝ የታዋቂ ሰው ፎቶ ተምኔል ላይ መለጠፍ ዩቲዩብ ራሱ የጥፋት ምሳሌ አድርጎ ያስቀመጠው ነገር ነው።

የዘፋኞቹ ስም ታግ ውስጥ መግባቱ ሞኝነት ነው የምለው አደጋ ስላለው ብቻ አይደለም። ጥቅምም የለውም። ዩቲዩብ ታግ ቪዲዮ በማስገኘት ረገድ ያለው ድርሻ በጣም ትንሽ እንደሆነ ይናገራል። የሚጠቅመው በዋናነት ሰዎች ስሙን አሳስተው የሚጽፉት ነገር ሲሆን ነው። ይህ ለአማርኛ ጥሩ ዜና ነው። አንዱ ጓሳ ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው ጉዋሳ። አንዱ ጭላዳ፣ ሌላው ጨላዳ፣ ሦስተኛው በእንግሊዝኛ ፊደል `gelada` ወይም `guassa`። እነዚህን ክተቺና ተዪው። አለቃሽ የታግ ዝርዝር መግለጫው ውስጥ ደርድሪ ካለሽ ግን አይሆንም በይው፤ መግለጫ ውስጥ ታግ ማጨቅ በራሱ ደንብ መጣስ ነው።

አሁን «ይዘጋል ወይ?» ወዳልሽው። በአንድ ቀን የሚዘጋው ጥፋቱ ሲከፋ ነው። በተለመደው አካሄድ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። አጭር ሥልጠና ወስዳችሁ በ90 ቀን ውስጥ ያንኑ ደንብ ካልጣሳችሁ ማስጠንቀቂያው ይነሳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስትራይክ የሚባለው ቅጣት ነው። በመጀመሪያው ለአንድ ሳምንት ቪዲዮ መጫን አትችሉም። በ90 ቀን ውስጥ ሁለተኛው ከመጣ ሁለት ሳምንት። በዚያው 90 ቀን ሦስተኛው ከተደገመ ቻናሉ ይዘጋል። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፦ ቪዲዮውን ማጥፋት ስትራይኩን አያነሳውም። አለቃሽ «ችግር ከመጣ እናጠፋዋለን» ካለሽ ይህን ንገሪው።

ገንዘቡ ግን ከቻናሉ ቀድሞ ሊሄድ ይችላል። አንድ ቻናል ገቢ ማግኘት ይገባዋል ወይ ብለው የሚገመግሙት ሰዎች ቪዲዮዎቹን ሁሉ ተቀምጠው አያዩም። የቻናሉን ዋና ጭብጥ፣ ብዙ የታዩትን፣ አዳዲሶቹን፣ ብዙ የእይታ ሰዓት ያመጡትን ያያሉ። ከዚያ ደግሞ ርዕሶችን፣ ተምኔሎችንና መግለጫዎችን። ልብ በይ፣ ዓይናቸው የሚያርፈው አንቺ ቀኑን ሙሉ የምትሠሪው ሥራ ላይ ነው። ቻናሉ ከገቢ ከታገደ ይግባኝ የሚባለው በ21 ቀን ውስጥ ነው። የማያሳስት ርዕስ ያላቸው አሥር ቪዲዮዎች ቢኖሩም፣ ብዙ የታየው «እረኛ ገደለ» ከሆነ ገምጋሚው የሚያገኘው እሱን ነው። ቪዲዮ ጎን የሚመጣው ቢጫ ዶላር ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ያ ቪዲዮ ለአስተዋዋቂዎች አይመችም ማለት ነው። ተምኔሉ ላይ ደም ከቀባሽ እሱም ሊመጣ ይችላል።

አለቃሽ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ሰው ግን ይገባልናል» ይልሻል። እውነቱን ነው፣ ይገባል። የሚወጣበትን ሰዓት አሳዪው። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ አናሊቲክስን ክፈችና ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጪ፦ ተምኔሉን ካዩት ውስጥ ስንት በመቶው ገባ፣ የገባውስ በአማካይ ስንት ደቂቃ ቆየ። የመጀመሪያው ከፍ ብሎ ሁለተኛው ወድቆ ካየሽ፣ የቆይታ ግራፉም በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ገደል ከገባ፣ ርዕሱ ዋሽቷል ማለት ይቻላል።

ለምሳሌ እንዲሆነን የ12 ደቂቃው የጭላዳ ቪዲዮ ለ10,000 ሰው ፊት ቀረበ እንበል። በ«እረኛ ገደለ» 9 በመቶው ገባ፤ 900 ሰው። ሬሳ ፈልጎ ሣር የሚግጥ ጭላዳ ሲያይ በአማካይ በ50 ሰከንድ ወጣ። ጠቅላላው 12 ሰዓት ተኩል እይታ ነው። በእውነተኛው ርዕስ 4 በመቶ ብቻ ገባ እንበል፤ 400 ሰው። ግን የጠበቀውን ስላገኘ 4 ደቂቃ ቆየ። ይህ ወደ 27 ሰዓት ይጠጋል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው፤ የራሳችሁን ቁጥር ስቱዲዮ ይነግርሻል። ቻናሉ ገና ለገቢ ማመልከቻ እየሮጠ ከሆነ ደግሞ ለረጅም ቪዲዮ የሚጠየቀው ከ1,000 ሰብስክራይበር ጋር በ12 ወር ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት ነው። ክሊክ አይቆጠርም። ስቱዲዮ ውስጥ እስከ ሦስት ተምኔል የምታወዳድሪበት ሙከራም አለ። አሸናፊውን የሚመርጠው ብዙ ክሊክ ባመጣው ሳይሆን ብዙ የእይታ ሰዓት ባስገኘው ነው። ለአለቃሽ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም፤ ከዳኛው ጋር ልትከራከር ነው ወይ በይው።

እሺ፣ ታዲያ ቪዲዮው ምን ይባል? የማቀናበሪያ ፕሮግራሙን ከፍተሽ ቪዲዮውን እንደገና እዪው፤ ግን እንደ አቀናባሪ ሳይሆን እንደ እንግዳ። አንቺን ራስሽን ያስቆመሽ ቦታ የት ነው? ሰዓቱን ጻፊ። ገበሬው ስለ ገብሱ የተናገረው ነገር አለ እንበል፤ ልጁ ዞር ባለ ቁጥር መንጋው ማሳው ውስጥ ይገባል ይላል። ርዕሱ እዚያው ተቀምጦልሻል፦ «ጭላዳ ገብሱን ሲጨርስበት የመንዝ ገበሬ ምን ያደርጋል?» ከዚያ ከንግግሩ 15 ሰከንድ ቆርጠሽ ቪዲዮው መጀመሪያ ላይ አስቀምጪ። ሰው ርዕሱ ውስጥ ያየውን ነገር ወዲያው ካገኘው ይቀመጣል። ገበሬው እንዲህ ያለ ነገር ካልተናገረ ግን ይህንንም ርዕስ አትጠቀሚ፤ ያለውን ፈልጊ።

ለተምኔሉም ደም አያስፈልግሽም። ወንዱ ጭላዳ ሲቆጣ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ረጅም የክራንቻ ጥርሱን ያሳያል። ይህ ከቀረጻችሁ ውስጥ ከተገኘ ከየትኛውም የፎቶሾፕ ደም ይበልጣል። ጭላዳ ዋናው ምግቡ ሣር ስለሆነ፣ ያን ጥርስ ይዞ ሣር መጋጡ ራሱ ሰው የሚያቆም ነገር ነው። ከሥሩ «ሊበላው ነው» ብለሽ እንዳትጽፊበት ብቻ።

ለአለቃሽ ስትነግሪው «ይሄ ውሸት ነው፣ እኔ አልሠራም» ብለሽ አትጀምሪ። ክብሩ ይነካል፣ በሩም ይዘጋል። እንዲህ በይው፦ «ሁለት ርዕስ አዘጋጅቻለሁ። የትኛው ብዙ ሰዓት እንደሚያመጣ በአንድ ወር እንየው። ‹እረኛ ገደለ› የሚለው ግን ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያም ስትራይክ ሊያመጣብን ይችላል፤ ስትራይክ ከመጣ አንድ ሳምንት አንጭንም።» የአንድ ሳምንት ገቢ ስንት እንደሆነ እሱ ካንቺ በላይ ያውቀዋል። የመረጥሽውን ርዕስም ከመጫንሽ በፊት በቴሌግራም ላኪለትና «እሺ» ይበልሽ። ነገ «ማን ጻፈው?» ሲባል የማን እንደሆነ ይታያል።

የይለፍ ቃሉን ሰጥቶሽ በእሱ ስም የምትገቢ ከሆነ ይህንንም አስተካክዪ። `Settings` ውስጥ `Permissions` አለ፤ በራስሽ ጂሜይል ኤዲተር አድርጎ ይጋብዝሽ። ቪዲዮ መጫንም ማስተካከልም ትችያለሽ፣ የይለፍ ቃሉ ግን እሱ ዘንድ ይቀራል። ስትለቂም አንዲት ቦታ ነክቶ ያስወጣሻል፤ ማንም ማንንም አይጠረጥርም።

የድሮዎቹም አሉ። ደንቡ አዲስ ለሚጫነው ብቻ አይደለም። ቪዲዮዎቹን በእይታ ብዛት ደርድሪና ከላይ ያሉትን አስቀድሚ። ርዕሱ የሚለው ነገር ቪዲዮው ውስጥ ከሌለ ርዕሱንና ተምኔሉን ቀይሪ። ቪዲዮው ራሱ ባዶ ከሆነ ይጥፋ። ይህን ሥራ «እኔ ልሥራው» ብለሽ ብትጠይቂ አለቃሽ እምቢ የሚልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሁሉን ሰምቶ «እኔ ያልኩሽን ጻፊ» ካለሽ ርዕሱን ራሱ ይጻፈው፤ አንቺ ቅንብሩን ሥሪ። ለጥቂት ወር ደመወዝሽን እየያዝሽ መቆየት ነውር የለውም። በዚያው መሀል ግን ሌላ ቦታ ማመልከት ጀምሪ። አዲስ አበባም ሆነ እዚሁ ደብረ ብርሃን የሚቀጥርሽ ሰው «የሠራሽውን ቪዲዮ ላኪ» ማለቱ አይቀርም፤ ሊንኩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያነበው ርዕሱን ነው። ስለዚህ አንቺ ርዕስ ያወጣሽላቸውን ሦስት አራት ቪዲዮዎች ለይተሽ፣ አለቃሽን አስፈቅደሽ፣ የእያንዳንዱን የቆይታ ግራፍ ስክሪንሾት አንሺ። የቀድሞውን ርዕስ፣ አንቺ የቀየርሽውንና ከለውጡ በፊትና በኋላ ያለውን አማካይ የቆይታ ደቂቃ ከሥሩ ጻፊበት። ከሲቪሽ ጋር የምታያይዢው እሱን ነው።