ሁለት ሳምንት ዝም ሲሉ

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ነበርን። የወንድሜ ልጅ ስልኳን እያገላበጠች «ጋሼ፣ ያመለከትኩበት መሥሪያ ቤት ይኸው ሁለት ሳምንቱ፣ ዝም ብለውኛል። ኢሜይል ብልክላቸው ይደብራቸው ይሆን?» አለችኝ። እኔ ግን ወዲያው አልመለስኩላትም። ሐሳቤ ወደ 1998 ዓ.ም. ሄዶ ነበር።

ያን ዓመት ሥራ ፈላጊ ነበርኩ። አንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ጋዜጣ ላይ አየሁና ፒያሳ ካለ ኢንተርኔት ቤት ማመልከቻዬን ላክሁ። ሲቪዬ ፍሎፒ ላይ የቆየ፣ ባለፈው ዓመት የተጻፈ ነው። ከፍቼ እንኳ አላየሁትም። በደቂቃ ነበር የሚያስከፍሉን፣ ቸኩያለሁ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። የሰጠሁት ስልክ የአከራዬ ነው። እትዬ ከግቢ «ስልክ!» ብለው ሲጣሩ ከአልጋ ዘልዬ እወጣለሁ። ሁልጊዜ ግን ደሴ ያሉት እህታቸው ናቸው። የሴትዮዋ ወሬ አያልቅም፤ የደሴን የጤፍ ዋጋ ያን ጊዜ ከነጋዴ እኩል አውቅ ነበር። ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ሦስት ሆነ። አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ «ለምን አትጽፍላቸውም?» አለኝ። «ቢፈልጉኝ ይደውላሉ፣ አልለምንም» አልኩት። ኩራት መሆኑ ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ አዳማ ሥልጠና ላይ አንዲት ሴት ስሜን ሰምታ ትክ ብላ አየችኝ። ያኔ የዚያ ድርጅት ጸሐፊ ነበረች። «ለጽሑፍ ፈተና ተመርጠህ ነበር እኮ። ደውዬ ደውዬ እምቢ ሲለኝ ቀጥሎ ያለውን ጠራሁ» አለችኝ።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በ1998 መጀመሪያ የስልክ ቁጥር ተቀይሮ ነበር። የአዲስ አበባ ቁጥር 6 አሃዝ የነበረው 7 ሆነ፣ ኮዱም ከ01 ወደ 011 ዞረ። ሲቪዬ ላይ ያለው የድሮው ነው። የደሴዋ እህት አዲሱን ቁጥር ያውቃሉ፣ ቀጣሪዬ አያውቅም። ሁለት መስመር ኢሜይል ብጽፍ፣ ከታች አዲሱን ቁጥር ባስቀምጥ ኖሮ ይበቃ ነበር።

ልጅቷን «ማስታወቂያው የተዘጋው መቼ ነው?» አልኳት። «ዓርብ» አለች። ልብ በሉ፣ እኛ አገር ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ «በ10 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ» ይላል። 10 የሥራ ቀን ሁለት ሳምንት ነው። እሷ በመጀመሪያው ቀን አመልክታለች። ስለዚህ ዝም ብለውኛል የምትለው ጊዜ ገና ማመልከቻ የሚቀበሉበት ነበር። ሁለቱ ሳምንት የሚቆጠረው ከተዘጋበት ቀን ነው። የዛሬ ልጆች ሲያመለክቱ ፈጣን ናችሁ፤ በአንድ ሌሊት ለ30 ቦታ ያንኑ ደብዳቤ ትልካላችሁ፣ ከዚያ የቱ መቼ እንደሚዘጋ የሚያውቅ የለም።

በኋላ እኔም ለዓመታት ቀጣሪ ሆኛለሁ። «ሰላም፣ ያመለከትኩት ምን ደረሰ?» የሚል ኢሜይል ሲመጣ ማን፣ ለየትኛው ቦታ እንደጻፈ ለማወቅ መቆፈር አለብኝ። ሥራ በበዛበት ቀን አልቆፍርም። ቀኑ ሲደርስ እንዲህ ብላ እንድትልክ ነገርኳት፦

«ርዕስ፦ የጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ ማመልከቻ፣ የማስታወቂያ ቁጥር 14

ጤና ይስጥልኝ። ለዚህ ቦታ ጥቅምት 4 ቀን በኢሜይል አመልክቼ ነበር። ማመልከቻዬ ደርሷችሁ እንደሆነና ምርጫው የት እንደደረሰ ብታሳውቁኝ። ሲቪዬን በድጋሚ አያይዣለሁ።»

ከሥር ሙሉ ስምና ስልክ። ይኸው ነው። ሲቪው ለምን በድጋሚ አትበሉኝ። የመጀመሪያውን ኢሜይል ከፍታችሁ «ሪፕላይ» ብትሉ ጽሑፉ ይከተላል፣ የተያያዘው ፋይል ግን አይከተልም። የመጀመሪያው ስፓም ውስጥ ገብቶ ከሆነ ደግሞ ሰውየው እጅ ላይ ያለው ይኼ ብቻ ነው። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ከወጣ በእንግሊዝኛ ጻፉ።

«ካልመለሱስ?» አለች። አንድ ጊዜ ይበቃል፣ ስልክም አትደውይ አልኳት። እውነቱን ለመናገር ግን ከቀጠርኳቸው ሁሉ ጎበዟ ሦስት ጊዜ ደውላ ያሰለቸችኝ ልጅ ናት። እንግዲህ ምን ልበል።

ከመነሳታችን በፊት ሲቪሽን አሳዪኝ አልኳት። ትምህርቱንም ልምዱንም ዘለልኩና ቁጥሩን አንድ በአንድ እያነበብኩ ከስልኬ ደወልኩ። እጇ ላይ ጮኸ።